ለሁለት ዓመት ልጅ ፍሎራይድ፦ ሳሙናው፣ ውሃው ወይስ ቫርኒሹ?

የልጆች ጥርስ ሳሙና ሊገዙ ቆመው ብዙ ወላጆች ይህችን ይጠይቃሉ፦ «500 የሚለውን ልውሰድ ወይስ 1000?» ቁጥሩ የፍሎራይዱ መጠን ነው። 1000 ፒፒኤም ማለት በአንድ ግራም ሳሙና ውስጥ አንድ ሚሊግራም ፍሎራይድ አለ ማለት ነው።

12 ኪሎ የምትመዝን የሁለት ዓመት ልጅ እንውሰድ። ለዚህ ዕድሜ በብዛት የሚጠቀሰው የቀን ጣሪያ በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው። ለእሷ 1.2 ሚሊግራም ይመጣል።

ሦስት ዓመት እስኪሞላት የሚበቃት የሩዝ ፍሬ የምታህል ሳሙና ናት፤ 0.1 ግራም ገደማ። ከ1000ው ጠዋትና ማታ ተቦርሻ ሁሉንም ብትውጠው እንኳ 0.2 ሚሊግራም ነው። ብሩሹን ከዳር እስከ ዳር ከሞላችሁት ግን አንድ ግራም ይደርሳል። ሁለቴ ከዋጠችው 2 ሚሊግራም፤ ጣሪያው አለፈ። ማስታወቂያ ላይ የምናየው ያ ረጅም ጥምዝምዝ ሳሙና ለልጅ አይሆንም። የ500ው ሳሙና መቦርቦርን ስለመከላከሉ ያለው ማስረጃ ደካማ ነው። እኔ ብሆን 1000ውን ገዝቼ ቱቦውን ራሴ እይዛለሁ። ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል።

ውሃው ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ውሃችሁ 2 ሚሊግራም ካለውና ልጅቷ በቀን አንድ ሊትር ከጠጣች፣ ሳሙናው ሳይነካ ጣሪያው አልፏል። ያኔ ሳሙና መቀየር ምንም አይፈይድም፤ የሚቀየረው ውሃው ነው። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ይተናል፣ ፍሎራይዱ ይቀራል። ተራ የከሰል ማጣሪያም አያወጣውም። የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ ግን አብዛኛውን ያወጣል። ከመግዛት በፊት ውሃውን ማስመርመር ይቀድማል።

ሐኪም ጥርስ ላይ የሚቀባው የፍሎራይድ ቫርኒሽ 22,600 ፒፒኤም ነው ሲባል ያስደነግጣል። ግን ሐኪሙ የሚቀባው ከሩብ ሚሊሊትር ብዙም አይበልጥም፤ ምራቅ ሲነካው ጥርሱ ላይ ይጣበቃል። በዓመት ከሁለት እስከ አራት ጊዜ ብቻ ስለሚቀባ፣ በየቀኑ እንደሚዋጥ ሳሙና አይቆጠርም። ይበልጥ የሚጠቅመው ጥርሱ ቶሎ ለሚቦረቦር ልጅ ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለፍሎሮሲስ፣ ማለትም ከመጠን ያለፈ ፍሎራይድ የጥርስን መልክ ለሚያበላሽበት ችግር ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው፤ ለላይኛዎቹ የፊት ጥርሶች ከ15 እስከ 30 ወር ያለው ጊዜ ወሳኝ ነው። ምልክቱ የሚታየው ግን ጥርሶቹ በሰባት ዓመት አካባቢ ሲወጡ ነው። ግራና ቀኙ ላይ ተመሳሳይ ስስ ነጭ መስመር ካለ ፍሎሮሲስ ይጠረጠራል። የድዱን ጠርዝ ተከትሎ የሚሄድ፣ ጠመኔ የሚመስል ነጭ ከሆነ ግን መቦርቦር እየጀመረ ነው፤ ቫርኒሹ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።