ቲ-ቴስት፣ ካይ-ስኩዌር ወይስ ማን-ዊትኒ? በአንድ ዳታ ላይ አወዳድረን እንምረጥ

ደሴ ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ የጤና ተማሪዎች ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ "ዳታዬን ሰብስቤያለሁ፣ አሁን የትኛውን ቴስት ልጠቀም?" ብዙዎች ቀድሟቸው የተመረቀ ጓደኛ የተጠቀመበትን ይወስዳሉ። ይሄ አያዋጣም። የጓደኛችሁ ዳታ የእናንተ ዳታ አይደለም። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው፦ የለካችሁት ነገር ምን ዓይነት ነው? በየቡድኑስ ስንት ሰው አላችሁ?

በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለማሳያ ብዬ ያዘጋጀኋቸው ናቸው። እንበልና ኮምቦልቻ ላይ በሳንባ ምች ተኝተው የታከሙ የ16 ሕፃናት ካርድ አወጣችሁ። 8ቱ ሕመሙ በጀመራቸው በሁለት ቀን ውስጥ የመጡ ናቸው። ሌሎቹ 8 ዘግይተው፣ አብዛኞቹም ከቃሉ ገጠር ቀበሌዎች የመጡ ናቸው። ጥያቄያችሁ ዘግይተው የመጡት ረዘም ላለ ጊዜ ተኝተዋል ወይ የሚል ነው።

ቶሎ የመጡት የተኙበት ቀን፦ 2, 3, 3, 4, 4, 5, 5, 6
ዘግይተው የመጡት፦ 4, 5, 6, 6, 7, 7, 8, 37

ቀን ቁጥር ነው፣ ቡድኑም ሁለት ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው ሰው ቀጥታ ወደ ቲ-ቴስት ይሄዳል። እስቲ እንሂድ። የመጀመሪያው ቡድን አማካይ 4 ቀን፣ የሁለተኛው 10 ቀን ነው። የ6 ቀን ልዩነት ትልቅ ነው። ቲ-ቴስቱ ግን ፒ-ቫልዩ 0.17 ይላል፣ ማለትም "ልዩነት አለ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም"። ቁጥሮቹን በዓይን ላየ ሰው ግን ይሄ አይዋጥለትም። ዘግይተው ከመጡት ውስጥ ሦስት ቀን ብቻ ተኝቶ የወጣ አንድ ሕፃን እንኳ የለም።

ችግሩ ያለው 37 ቀን የተኛው ሕፃን ላይ ነው። ቲ-ቴስት አማካዮቹን የሚያወዳድረው በየቡድኑ ካለው መዋዠቅ አንጻር ነው፤ ያ አንድ ሕፃን ደግሞ አማካዩን ወደ ላይ ሲጎትት ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑን ከዚያ በባሰ ሁኔታ ነፋው። የመጀመሪያው ቡድን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 1.3 ሲሆን የሁለተኛው 11 ገደማ ደርሷል። 37ቱን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት እኮ ከ10ሩ አማካይ በላይ የተኛው እሱ ብቻ ነው። 10 ቀን የቡድኑን ሕፃናት አይገልጽም።

ማን-ዊትኒ ሌላ መንገድ ይሄዳል። ቁጥሮቹን ከትንሹ እስከ ትልቁ ያሰልፍና ደረጃቸውን ብቻ ያያል። ለእሱ 37 "ከሁሉም የበለጠ" ማለት ነው እንጂ በስንት እንደበለጠ አይጨነቅም፤ 9 ቢሆንም መልሱ ያው ነበር። ከሁለቱ ቡድን አንድ አንድ ሕፃን እያጣመራችሁ ብታወዳድሩ 64 ጥንድ ይወጣል። ቶሎ የመጣው ረዘም ያለ ጊዜ የተኛባቸው፣ እኩል የሆኑትን ግማሽ ቆጥረን፣ 7 ብቻ ናቸው። ፒ-ቫልዩው 0.009 ነው። እዚህ ዳታ ላይ እኔ የምመርጠው ይሄንን ነው። የሆስፒታል ቆይታ በባሕሪው እንዲህ ነው፦ ብዙው ሰው ቶሎ ይወጣል፣ ጥቂቱ ይቆያል፣ ጭራው ወደ ቀኝ ይረዝማል።

ቴስት ከመቀየራችሁ በፊት ግን ካርዱን መልሳችሁ እዩ። 37 በእውነት 37 ነው ወይስ 7 የነበረው ዳታው ሲጻፍ ተሳስቶ ነው? የመግቢያና የመውጫ ቀኑን አስተያዩ። የአጻጻፍ ስህተት ከሆነ አስተካክሉት። እውነት ከሆነ አትሰርዙት፤ ያ ሕፃን በእርግጥ ተኝቷል።

አሁን ደግሞ ካይ-ስኩዌር። ይሄ የሚሠራው ለምድብ ነው፦ አዎ ወይስ አይ፣ ዳነ ወይስ አልዳነ፣ ከተማ ወይስ ገጠር። አንዳንዱ ሰው ቲ-ቴስቱ እምቢ ሲለው ቀኑን "ከ5 ቀን በላይ" እና "5 እና ከዚያ በታች" ብሎ ለሁለት ይከፍልና ካይ-ስኩዌር ይሠራል። እንሞክረው። ቶሎ ከመጡት 8 ውስጥ ከ5 ቀን በላይ የተኛው 1 ነው፣ ዘግይተው ከመጡት 8 ውስጥ 6። ተራው ካይ-ስኩዌር 0.012 ይሰጣል። ደስ ይላል፣ ግን ኤስፒኤስኤስ ከሠንጠረዡ ሥር እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦

```
4 cells (100.0%) have expected count less than 5.
The minimum expected count is 3.50.
```

ብዙ ሰው ይቺን ጽሑፍ ያልፋታል። አትለፏት። ካይ-ስኩዌር ግምታዊ ስሌት ነው፣ ግምቱ የሚያስተማምነው በየሳጥኑ የሚጠበቀው ቁጥር በቂ ሲሆን ነው። ልብ በሉ፣ የሚጠበቀው እንጂ የተቆጠረው አይደለም። ሁለት በሁለት በሆነ ሠንጠረዥ ከ5 በታች የሆነ ሳጥን ካለ ፊሸር ኤግዛክትን ውሰዱ፤ ኤስፒኤስኤስ ራሱ እዚያው ሠንጠረዥ ላይ ያወጣላችኋል። በትልልቅ ሠንጠረዦች ደግሞ ከሳጥኖቹ ከ20 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከ5 በታች መሆን የለባቸውም፣ አንድም ከ1 በታች አይሁን። በእኛ ዳታ ፊሸር 0.041 ነው ያለው። ከ0.012 ጋር ያለውን ርቀት እዩት።

አሁንም ማለፉን አልፏል፣ ግን ያ 5 ቀን ከየት መጣ? ማንም አልነገራችሁም። 4 ወይም 6 ላይ ብትቆርጡት ሌላ መልስ ይመጣል። ቁጥር የነበረውን ነገር ወደ ምድብ ስትቀይሩ 6 ቀን እና 37 ቀን አንድ ሆነው ይቆጠራሉ፣ መረጃ ይጠፋል። ሕክምናው የራሱ የታወቀ ወሰን ሲኖረው፣ ለምሳሌ ሲወለድ ከ2,500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን፣ መክፈሉ ትርጉም አለው። ካለዚያ በቁጥሩ ቆዩ።

በአር ራሳችሁ አረጋግጡት፦

```
early <- c(2,3,3,4,4,5,5,6)
late  <- c(4,5,6,6,7,7,8,37)
t.test(early, late)
wilcox.test(early, late)
fisher.test(matrix(c(1,7,6,2), 2))
```

`wilcox.test` የማን-ዊትኒ ቴስት ነው። እኩል ቁጥሮች ስላሉ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ አያስደንግጣችሁ።

ታዲያ ቲ-ቴስት መቼ ነው የሚመረጠው? ዳታው ብዙም ሳይዛባ ሲቀር፣ ወይም ናሙናው ሲበዛ። የሄሞግሎቢን ወይም የደም ግፊት ልኬት ሂስቶግራሙ በአንጻሩ የተመጣጠነ ከሆነ በየቡድኑ 20 ሰው ቢኖርም ቲ-ቴስት ጥሩ ይሠራል። በየቡድኑ 100 እና 150 ሰው ሲኖር ደግሞ ዳታው ትንሽ ቢያዘነብልም አማካዩ ይረጋጋል። "30 ከሞላ በቃ" የሚለውን ግን እንደ ሕግ አትያዙት፣ በጣም ያዘነበለ ዳታ ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሻፒሮ ቴስት ላይም ብቻ አትንጠልጠሉ፦ ናሙናው ትንሽ ሲሆን መዛባቱ ያመልጠዋል፣ ትልቅ ሲሆን ለማይረባ መዛባት ይጮኻል። ሂስቶግራሙን በዓይናችሁ እዩት።

ማን-ዊትኒም ቢሆን ሁሉን አይችልም። በየቡድኑ 3 ሰው ብቻ ካላችሁ፣ ሦስቱም ከሦስቱ ቢበልጡ እንኳ ከ0.1 በታች ሊወርድ አይችልም። ደግሞም የሁለቱ ቡድን ቅርጽ ካልተመሳሰለ "ሚዲያኖቹ ይለያያሉ" ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ የአንዱ ቡድን ቁጥሮች በጥቅሉ ከፍ ይላሉ ነው የሚባለው። አንድ ሰው ከሕክምና በፊትና በኋላ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ከሆነ ደግሞ እስካሁን ያልኳቸው ሁሉ አይሆኑም። ለቁጥር ጥንድ ቲ-ቴስት ወይም ዊልኮክሰን ሳይንድ ራንክ፣ ለአዎ እና አይ ማክኔማር ነው።

የቴስት ምርጫችሁን ፕሮፖዛሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት፣ ፒ-ቫልዩ አይታችሁ አትቀይሩት። ውጤቱን ስትጽፉ ደግሞ ከማን-ዊትኒ ጋር አማካይ አታስገቡ። ለእኛ ዳታ እንዲህ ይበቃል፦ "ቶሎ የመጡት ሚዲያን ቆይታ 4 ቀን (ከ2 እስከ 6)፣ ዘግይተው የመጡት 6.5 ቀን (ከ4 እስከ 37) ነው፤ ማን-ዊትኒ ዩ = 7፣ ፒ = 0.009።"