ለሁለተኛ ቅርንጫፍ የቱ የአዋጭነት ጥናት ይሻላል፦ ሙሉው ወይስ አጭሩ?

ደሴ ላይ ኬክ ቤት አላችሁ እንበል። ኮምቦልቻ ሁለተኛ ልትከፍቱ አስባችኋል። ጥናት የሚሠራ ባለሙያ ጋር ስትሄዱ ሁለት ዓይነት ሪፖርት ልታሠሩ ትችላላችሁ።

ሙሉው ይዘቱ የታወቀ ነው፦ ማጠቃለያ፣ የድርጅቱ መግለጫ፣ የገበያ ጥናት፣ የቴክኒክ ጥናት፣ አደረጃጀትና የሰው ኃይል፣ የፋይናንስ ትንተና፣ ስጋት። ባንክ የለመደው ይሄንን ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ አዲስ ድርጅት እንደሚቋቋም ተደርጎ ይጻፋል። የደሴው ቤት መግለጫው ላይ ይጠቀስና ሒሳቡ ላይ ሲደርስ ይረሳል።

አጭሩ የሚነሳው ከነባሩ ቤት መዝገብ ነው። ከዚያ የቦታው የደንበኛ ቆጠራ፣ ቅርንጫፉን ማን እንደሚይዘው፣ ቅርንጫፉ የሚጨምረው ገቢና ወጪ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ስንት ወር ከከሰረ እንደሚዘጋ ይጻፋል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። ኮምቦልቻ በቀን 12,000 ብር ይሸጣል እንበል። ጥሬ ዕቃ ተቀንሶ 40 በመቶው ከተረፈ በቀን 4,800፣ በ26 የሥራ ቀን 124,800 ብር ይሆናል። ኪራይ፣ ደሞዝ፣ መብራትና ትራንስፖርት 95,000 ቢፈጁ 29,800 ብር ይተርፋል። ሙሉው ጥናት እዚህ ላይ «አዋጭ ነው» ብሎ ይፈርማል።

አጭሩ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ ከገዢዎቹ ስንቱ ድሮም የእናንተው ነበር? ከኮምቦልቻ እየደወሉ ቶርታ ያዝዙ የነበሩ ሰዎች አሁን ከአዲሱ ቤት ይገዛሉ። የሽያጩ ሩብ ከእነሱ ከሆነ፣ ደሴ በቀን 3,000 ብር ሽያጭ ያጣል። በወር 31,200 ብር ትርፍ ሄደ ማለት ነው። ኮምቦልቻ ካተረፈው ላይ ሲቀነስ ሁለቱ ቤቶች አንድ ላይ የሚያተርፉት ደሴ ብቻውን ያተርፍ ከነበረው በወር 1,400 ብር ያንሳል።

በቴክኒኩ ክፍል ግን ሙሉው ይሻላል፣ በደንብ ከተሠራ። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ ደሴ ላይ የሚቆይ ክሬም እዚያ ቶሎ ይበላሻል። ፍሪጅና ጄኔሬተር ወጪው ውስጥ ካልገቡ ባለሙያው ቦታውን አላየም።

የተቀዳ ጥናትም በቀላሉ ይታወቃል። ሽያጩ አምስት ዓመት ሙሉ በእኩል 10 በመቶ ያድጋል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ረመዳንም የፍስክና የጾም ወቅትም የኬክ ገበያን ይቀያይራል። የ12ቱ ወር ሽያጭ አንድ ዓይነት ከሆነ መልሱለት። (የሌላ ከተማ ስም ረስቶ የተወ ጥናትም አይጠፋም።)

በራሳችሁ ብር ከሆነ የምትከፍቱት አጭሩ ይበቃል። ብድር ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ ባንኩን የራሱ ቅጽ እንዳለው ጠይቁ፤ ከዚያ ሙሉውን አሠሩ። ስትዋዋሉ የሁለቱ ቤቶች የተጣመረ ሒሳብ በአንድ ገጽ እንዲገባ አስጽፉ፣ የመጨረሻውን ክፍያም እሱን ሳታዩ አትስጡ።