እማዬን ከወረዳ ምልልስ ያሳረፈችልኝ ልጅ

ሰላም ወገኖች። ምስጋና አለብኝ፣ ከረዘመ ይቅርታ።

እማዬ ጊቢያችን ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ አከራየች፣ ከአዋጅ 1320/2016 ወዲህ ደግሞ ውሉ ወረዳ መመዝገብ አለበት። ሄደች። በሩ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ "አስፈላጊውን ማስረጃ አሟልታችሁ በተደነገገው የጊዜ ገደብ እንድትቀርቡ" ይላል፣ አለቀ። የቱ ማስረጃ? እስከ መቼ? ስትጠይቅ "ተለጥፏል እኮ፣ አንብቢ"። አንቺ ብሎ ነው ደግሞ፣ የልጅ ልጅ ያላትን ሴትዮ! ሶስት ቀን ተመላለሰች፣ በመሀል አንድ ጉዳይ አስፈፃሚ ነኝ ባይ 500 ብር በላት፣ አሁን ሳስበው ራሱ ይቆጨኛል።

በመጨረሻ መታወቂያ ኮፒ ልታደርግ በሩ ጎን ያለችው ፎቶኮፒ ቤት ገባች። ልጅቷ "እማማ አረፍ ይበሉ" ብላ ሻይ አዘዘችላት፣ ስታስረዳት አልቆየችም። ከዛ ግን ያደረገችው ነው የገረመኝ፣ መዝጋቢው ጋ ሄዳ "ሰው የምትመልሱት ምን ሲጎድለው ነው?" ብላ ጠይቃ ማስታወቂያውን እንደ አዲስ ፃፈችው። አናቱ ላይ "ቤት ያከራያችሁና የተከራያችሁ" ብላ፣ ስር የሚያዘውን፣ መታወቂያ፣ የቤቱ ማስረጃ፣ በወኪል ከሆነ ውክልና። ቀኑን ደግሞ "ከተፈራረማችሁ በ30 ቀን ውስጥ፣ ጥቅምት 5 ከፈረማችሁ እስከ ህዳር 5"። ወራችን ሁሉ 30 ስለሆነ ያው ቀን ላይ ነው የሚውለው፣ ማንም አይሳሳትም።

አይሳሳትም ብላ ግን አልተወችውም። ለእማዬ አነበበችላትና "እሺ እማማ፣ ነሐሴ 20 ቢፈርሙ እስከ መቼ ነው?" አለቻት። እማዬ "መስከረም 20" አለች። ጳጉሜን ዘለለቻታ! አምስቱ ቀን ሲቆጠር እኮ መስከረም 15 ነው የሚሆነው፣ በዛ ስሌት የሄደ ሰው አምስት ቀን አሳልፎ ነው የሚደርሰው። ልጅቷ "ጎበዝ፣ ይሄን ባይነግሩኝ አላየውም ነበር" ብላ እዛው የነሐሴዋን ምሳሌ ጨመረች፣ እማዬ እስከዛሬ ማስታወቂያውን እኔ ነኝ ያረምኩት ትላለች።

ኃላፊው መጀመሪያ የአዋጁ ቁጥር ከላይ ካልሆነ ብሎ ነበር፣ ከታች በትንሹ ተፃፈና ተስማሙ፣ ማህተምም መታበት። ማህተም ከሌለው ማን ያምናል ደግሞ። እማዬ በማግስቱ ከተከራይዋ ጋር ሄዳ ከምሳ ሰዓት በፊት ጨርሳ መጣች።

ልጅቷ ከወረዳው አምስት ሳንቲም አልተቀበለችም። እባካችሁ ማስታወቂያ የምታወጡ መስሪያ ቤቶች፣ እድሮች፣ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎች፣ እየከፈላችሁ አሰሯት፣ በጣም ጎበዝ ናት፣ እውነቴን ነው በጣም! ስሟን እዚህ እንዳልፅፍ ስለለመነችኝ ነው እንጂ... የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ ጠይቄያት አገናኛችኋለሁ።