ፔይስሊፕ ከፎቶ እናነባለን ለሚሉ አፖች የዓመት ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት

የቁጠባና ብድር ማኅበር ሠራተኞችና የሂሳብ ባለሙያዎች፣ ይቺ ለእናንተ ናት። «ፔይስሊፑን ፎቶ አንሱና ላኩ፤ ግሮሱን፣ ተቀናሹን፣ ጡረታውን፣ ግብሩንና ኔቱን እናወጣላችኋለን፣ 95 በመቶ ትክክል ነው» የሚል ሻጭ ከመጣ፣ መጀመሪያ 95ቱ የምን እንደሆነ ጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ቁጥር ነው። እናንተ የምትፈልጉት አምስት ቁጥር ስለሆነ፣ ስህተቱ ተበታትኖ ከመጣ 0.95 አምስት ጊዜ ሲባዛ 0.77 ይሆናል። ከ100 ወረቀት 23 ያህሉ ቢያንስ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ይኖረዋል ማለት ነው። ያንን ፈልጎ የሚያርመው ደግሞ ከፋዩ ነው።

ትልቁ ወጥመድ ጡረታው ላይ ነው። መሠረታዊ ደመወዙ 12,000፣ ግብር የሚከፈልበት አበሉ 1,500 የሆነ ሠራተኛ እንውሰድ። ግሮሱ 13,500 ነው። ጡረታ የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዙ ስለሆነ 7 በመቶው 840 ብር ነው። ግብሩ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ 30 በመቶ ሲቀነስ 1,350፣ ማለትም 2,700 ይሆናል። ቁጠባ 500 ከተቆረጠ ኔቱ 9,460 ነው። ብዙ ፔይስሊፕ ግን አሠሪው የሚከፍለውን 11 በመቶ፣ እዚህ ላይ 1,320 ብር፣ ከ7 በመቶው አጠገብ ያትማል። አፑ ሁለቱን ደምሮ ጡረታ 2,160 ብሎ ያወጣዋል። ከግሮሱ ተቀናሾቹን ስትቀንሱ 8,140 ይመጣል፤ ከታተመው ኔት የጎደለው በትክክል 1,320 ነው። ልዩነቱ የአሠሪውን መዋጮ ካከለ ጥፋቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ቦታ አትፈልጉ።

ሌላው ደግሞ ይብሳል፤ አንዳንዱ አፕ ቁጥሩን አያነብም፣ ራሱ ያሰላል። ወረቀቱ ላይ 2,700 እያለ ግብር 3,225 ካወጣ፣ በአሮጌው ሠንጠረዥ (35 በመቶ ሲቀነስ 1,500) አስልቶ ነው የሰጣችሁ። ጡረታው 945 ከሆነም 7 በመቶውን ከግሮሱ ላይ ወስዷል። አዲሱን ሠንጠረዥ የሚያውቅ ከሆነ ግን መልሱ ትክክል ስለሚመስል አይነቃበትም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በናሙና ወረቀት ላይ ግብሩን 2,791 አድርጋችሁ አትሙና ፎቶውን ላኩ። 2,700 ብሎ ከመለሰ አላነበበም። ብድር ለመስጠት ፔይስሊፕ ለሚመረምር ሰው ይህ ከንቱ ዕቃ ነው፤ የተነካካ ቁጥር ቢመጣ አፑ አስተካክሎ ይደብቅለታል።

ለሙከራ ስትልኩ ስሙን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩንና የባንክ ሂሳቡን ሸፍኑ። ውሉ ላይም ግሮስ ሲቀነስ ተቀናሽ ከኔቱ ጋር ያልገጠመ ወረቀት ከተከፈለበት የፎቶ ብዛት እንደማይቆጠር ይጻፍ። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ክፍያውን ተዉት።