ለባለቤቴ ልደት ዘጌን ላዘጋጀልን የጀልባ ልጅ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው አንድ ልጅ ለማመስገን ነው። ባሕር ዳር ላይ ጀልባ ፈልጋችሁ ለተቃጠላችሁም ጥቆማ ይሁናችሁ።

ባለቤቴ ጫጫታ አይሆንላትም። ዛፍ፣ ውሃና ወፍ ካለ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብትል አይሰለቻትም። ምግብ ላይ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። ተራ ሽሮ እንኳ ቢሆን በወጉ ካልተቁላላ እጇን ትሰበስባለች። ልደቷ ጥቅምት ላይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ ሐይቁ ሞልቶ፣ ዙሪያው ገና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ሳትሰማ አንድ ነገር ላዘጋጅላት ፈለግሁ።

ግን ጀልባ ሲባል ልቤ ይሸሻል። ወደ ባሕር ዳር በተዛወርን ሰሞን አንድ ደላላ «ገዳማቱን አሳያችኋለሁ» ብሎ ይዞን ወጣ። ጀልባው ላይ ስፒከር ጭኖ ሐይቁን ሁሉ በዘፈን አናወጠው። ከዚያ ክብራን ገብርኤል ወሰደን። ክብራን ሴት አይገባም! ጣና ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ሳያውቅ አይቀርም። እሱ ግን ገንዘቡን እስኪቀበል ትንፍሽ አላለም። ባለቤቴ ዳር ላይ ቀረች፣ እኔም ትቻት መግባት አላስቻለኝም። ስንመለስ ከሰዓት በኋላ ነበርና ነፋሱ ተነሥቶ ማዕበሉ እላያችን ላይ ይፈስ ጀመር። የሕይወት አድን ጃኬት የሚባል ነገር የለም። ወደቡ ላይ ስንወርድ ደግሞ «የነዳጅ ጨምሩ» ተባልን። እሷ ምንም አልተናገረችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን የጀልባ ነገር ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም።

አሁን የማመሰግነውን ልጅ ያገናኘኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ደውዬ ዋጋ ስጠይቀው «ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ እኔ ልጠይቅዎት» አለኝ። ቀኑ መቼ ነው? ረቡዕ። ትጾማለች? አዎ። እስከ ስንት ሰዓት? እስከ ስድስት። አሳስ በጾም ትበላለች? እዚህ ላይ ነው ልጁን ያመንኩት። አሳን በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፣ ሳይጠይቁ የልደት ምሳ ብሎ አሳ ማቅረብ ሰውን ማሳፈር ነው። እሷ አትበላም። ቀጠለና «ውሃ ትፈራለች?» አለኝ። የዚያን ቀኑን ጉድ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «በሉ እንግዲያውስ በጀልባ አንመልሳትም» አለ።

ምን ማለቱ እንደሆነ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ጣና ጠዋት ጠዋት እርጋታው ለብቻው ነው። ነፋሱ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከተነሣን እሷ እስከ ስድስት ስለማትበላ ቁርስ አያስቸኩለንም። ሐይቁን በጥሩ ሰዓቱ እናገኘዋለን። ምሳ ከስድስት በኋላ ዘጌ ላይ ተበልቶ ግን በጀልባ ከተመለሱ ማዕበሉ ላይ መድረስ ነው። ስለዚህ ጀልባዋን ረዳቱ ቀደም ብሎ ይዟት ይመለሳል፣ እኛ ደግሞ በየብስ በመኪና እንመጣለን። መንገዱ ያንገጫግጫል፣ ያንን አስቀድሞ ነግሮኛል። ቢሆንም ማዕበል የለውም።

የመረጠልን ገዳም ሴት የሚገባበት ነው። አዝዋ ማርያም ተሳልመን በእግር ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት። እዚህም አንድ ነገር አስተማረኝ። ወር በገባ በ16 የኪዳነ ምሕረት ነው፣ በ21 የማርያም፣ በእነዚህ ቀናት ሕዝብ ይበዛል። ለመሳለም ከሆነ እሰየው፣ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ግን ሌላ ቀን ይሻላል። የእኛ ረቡዕ ከሁለቱም ያመለጠ ነበር። ለባለቤቴ ምን ልበላት ስለው ሳቀና «ልንሳለም ነው ይበሏት፣ ውሸትም አይደለም» አለኝ። ነጠላዋን ይዛ፣ በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ አድርጋ መጣች። ምንም አልጠረጠረችም።

ጀልባዋን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ልጁ ምንም ሳይል ጃኬቱን ራሱ አለበሳት፣ ማሰሪያውንም ሁለቴ አየላት። «እትዬ፣ በቃ ካሉኝ እዚያው እመልስዎታለሁ» አላት። ስለ ሞተሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስንት ጉልበት እንዳለው አትጠይቁኝ፣ ነግሮኝ ነበር ግን አልገባኝም። የማውቀው ዘጌ ስንቃረብ አጠፋው። አጠፋውና መቅዘፊያ አነሣ። ወሬም አላወራ፣ ማስጎብኘትም አልጀመረ። እንጨት የጫነ አንድ ሰው በደንገል ታንኳው በአጠገባችን እየቀዘፈ አለፈ፣ ሰላም ተባባልን። ፔሊካኖቹ ከፊታችን ውሃው ላይ ናቸው። ባለቤቴ እጄን ይዛ ነበር፤ እዚያ ላይ ለቀቀችው። ጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው ሁሉ መቼ ሞተር እንደሚጠፋ ቢያውቅ ስንቱ ቱሪስት ደስ ብሎት በተመለሰ።

ዘጌ ጫካ ውስጥ መንገዱ በቡና ዛፍ መሃል ነው። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። እዚያ ከጥንት ጀምሮ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ሕዝቡ ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ጋር ያያይዘዋል። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየውም በዚሁ ነው ይላሉ። ጥቅምት ስለነበረ ፍሬው መቅላት ጀምሯል። ኡራ ላይ የመቅደሱን ሥዕሎች እያየች ብዙ ቆየች። አላስቸኮላትም። እኔን ግን ርቦኝ ነበር።

ምሳው ልጁ ከሚያውቃቸው እናት ቤት ነው። ሱፍ ፍትፍት፣ ጎመን፣ ወፍራም የምስር ወጥ፣ ከዚያ የግቢያቸው ቡና። ኬክ ላመጣ አስቤ ስነግረው «እንቁላልና ወተት አለበት እኮ ጋሼ» ብሎ ከልክሎኝ ነበር። በቃ ቀረ ብዬ ተውኩት። ለካ እሱ አልተወውም! ከቡናው በፊት እናትየው በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦ ይዘው ወጡ፣ ገና ትኩስ ነው። ጾም ነውና ቅቤም የለበት፣ ወተትም የለበት። ልጁ ከኋላቸው ቆሞ እንደ ሌባ እየሳቀ ነው። «ልደትዎ ነው አሉ» አላት። ባለቤቴ መጀመሪያ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ድፎውን፣ ከዚያ አለቀሰች። ለድፎው ሒሳብ ልከፍል ስል «ይሄ የእኔ ነው» ብሎ እጄን መለሰው።

አሳውስ? ሐሙስ በላነው። ልጁ በማለዳ ከአጥማጆቹ ዘንድ ይዞኝ ሄደና ቆሮሶ አስመረጠኝ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ የሆነውን ነው የሚያነሣው፣ ዓይኑ የደፈረሰውን አይነካም። ከዚያ ለጠባሹ ሰጥቶ ያስጠበሰልን እሱ ነው። አጥንቱ እስኪቀር በላችው፤ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም።

ዋጋውን አስቀድሞ ነው የነገረኝ፤ ጀልባው፣ ነዳጁ፣ መኪናው፣ ምሳው። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻ በየሰው እንደሚከፈልም ነግሮኛል። ስንወርድ አንዲት ሳንቲም ጨምሩ አልተባልንም። ሌላ ጀልባ ብትይዙም ይህን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሴት አብራችሁ ካለች ደግሞ የትኛው ገዳም እንደምትሄዱ ስሙን አስነግሩ።

ስሙንና ስልኩን እዚህ አላወጣም፤ ፈቃዱን አልጠየቅሁትም። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄው እልክላችኋለሁ። ስትደውሉ ግን ቀኑን፣ ጾሙንና ማን ምን እንደሚበላ አዘጋጅታችሁ ደውሉ፤ መጠየቁ አይቀርም። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም «ለዚያ ለድፎው ልጅ ሰላም በልልኝ» ብላለች።