አንድ የፈተና ጥያቄ፣ ሁለት አጻጻፍ

ለጎንደር የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች የሚሆን የሳይንስ ምርጫ ጥያቄ እንውሰድ።

አንደኛው፦ «አፄ ፋሲል በቆረቆሯት፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት ጎንደር ውኃ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዲፈላ ምክንያት የማይሆነው የትኛው አይደለም?»

ሁለተኛው፦ «ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ውኃ እዚያ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይፈላል። ምክንያቱ የትኛው ነው?»

የሁለቱም መልስ «የአየር ግፊት ስለሚቀንስ» ነው። በአንደኛው ግን ሳይንሱን የሚያውቅ ልጅም በ«የማይሆነው» እና በ«አይደለም» መካከል ተጠላልፎ ሊስት ይችላል። (አፄ ፋሲልም ለመልሱ አንዳች አይረዱም።) ሁለተኛው ይሻላል። «የአየር ግፊት» ግን የሚፈተነው እውቀት ራሱ ስለሆነ በሌላ ቃል አይተካ። የሳተውን ልጅ ሐሳቡን በቃል ጠይቁት፤ ከመለሰ የሚታረመው ጥያቄው ነው።