«የዛሬውን ዛሬ» የሚል የኩሪየር ማስታወቂያ ካያችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ባለፈው ሳምንት አንድ ያገለገለ የጠረጴዛ መብራት ሸጥኩ። ገዢዋ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነች፣ ከእኔ 7 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው። መብራቱ እጇ የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። በእግሬ ይዤው ብሄድ ሁለት ሰዓት አይፈጅብኝም ነበር። እንዴት እንደተበላሁ ልንገራችሁና እናንተ አትበሉ።

ሁለት አማራጭ ነበረኝ። አንዱ በአፕ የሚጠራ ሞተረኛ ነው። ሌላው ቤት ድረስ መጥቶ እቃ የሚወስድ ኩሪየር ነው። ለማነጻጸር እንዲቀለን ሞተረኛው የጠየቀኝን ሂሳብ 100 ብለን እንያዘው። በዚህ ስሌት የኩሪየሩ ዋጋ 60 ነበር። ማስታወቂያው ደግሞ «የዛሬውን ዛሬ፣ ከቀጥታ ክትትል ጋር» ይላል። ርካሽ ነው፣ ዛሬ ይደርሳል፣ የት እንደደረሰም አያለሁ። ምን ቀረኝ ብዬ ከፈልኩ።

ሦስቱም ነገር ውሸት አልነበረም። ሦስቱም ግን እኔ የተረዳሁትን ማለት አልነበረም።

ከዋጋው ልጀምር። 60 የተባለው እስከ 5 ኪሎ ላለው እቃ ነው። መብራቱን ከነማሸጊያው ቤት ሚዛን ላይ አስቀምጬው ነበር፣ 2 ኪሎ ተኩል ነው። ስለዚህ አልሰጋሁም። ማታ ላይ የመጣው ሂሳብ ግን 12 ኪሎ ይላል። ሚዛናቸው የተበላሸ መስሎኝ ደወልኩ። ልጅቷ በትህትና «የመጠን ክብደት ነው» አለችኝ። ኩሪየሮች መኪናቸው ውስጥ ቦታ የሚይዝ ቀላል እቃ አያዋጣቸውም። ስለዚህ የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ያባዙና ብዙ ጊዜ ለ5000 ያካፍሉታል። ከዚያ ከእውነተኛው ክብደትና ከዚህ ስሌት የበለጠውን ያስከፍላሉ። የእኔ ካርቶን 50 በ40 በ30 ነበር። ሲባዛ 60,000፣ ለ5000 ሲካፈል 12 ኪሎ። ከ5 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ኪሎ 8 ይጨመራል፣ ሰባት ኪሎ 56 ሆነ። 60 የነበረው 116 ደረሰ። ሞተረኛውን አለፈ ማለት ነው።

የሚያናድደው፣ ጥፋቱ ግማሹ የራሴ ነው። ቤት ውስጥ ያገኘሁት ካርቶን ትልቅ ስለነበር ባዶውን በጋዜጣ ሞላሁት። 40 በ30 በ25 የሆነ ካርቶን ይበቃው ነበር። ያ ቢሆን 6 ኪሎ ይባል ነበር፣ ሂሳቡም 68። ለጋዜጣ ጭነት ነው የከፈልኩት። እናንተ ኩሪየር ከመጥራታችሁ በፊት ሜትር አውጡና ካርቶኑን ለኩ። ከዚያ ስንት እንደሚያካፍሉ ጠይቁ። ሁሉም 5000 አይጠቀምም። የሚካፈልበት ቁጥር ባነሰ ቁጥር ኪሎው ይጨምራል፣ ስለዚህ 4000 ቢሏችሁ ዋጋው ወደ ላይ ነው።

ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ያዘዝኩት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ10 ነው። ውሉ ውስጥ በደቃቁ የተጻፈው ግን «እስከ 6 ሰዓት ማዕከላችን ለደረሱ እቃዎች» ይላል። ልብ በሉ፣ ለታዘዙ አይልም፣ ለደረሱ ነው የሚለው። እቃ ሰብሳቢው በር ላይ የቆመው 5 ሰዓት ከ20 ነው። ከእኔ በኋላ ሌሎች ቤቶችም ነበሩበት። መብራቱ ማዕከላቸው ገብቶ የተመዘገበው 7 ሰዓት ከ5 ነው። ያን ጊዜ የዛሬው ዛሬ መሆኑ ቀረና ወደ ነገ ተላለፈ። ማንም አልነገረኝም። ገዢዋ 11 ሰዓት ላይ ደወለችና «እቃው የታል? ከቢሮ መውጣቴ እኮ ነው» አለችኝ። እኔም እሷን ያህል ነበር የማውቀው።

የኩሪየር አሠራር ለዚህ ነው ለቅርብ ቦታ የማይመቸው። ሞተረኛ ከእናንተ በር ወደ ተቀባዩ በር ነው የሚሄደው። ኩሪየር ግን ሁሉንም እቃ መጀመሪያ አንድ ቦታ ይሰበስባል፣ እዚያ በሰፈር በሰፈር ይለያል፣ ከዚያ በመኪና ይበትናል። ማዕከሉ ከእኔ ቤት 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ በተቃራኒ አቅጣጫ። ጎረቤቴ ቤት የምልከው እቃም እዚያው ደርሶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ አንድ ኩሪየር «በከተማ ውስጥ ፈጣን ነን» ሲላችሁ ርቀቱን አትጠይቁ። «እቃው በማዕከል ያልፋል ወይስ በቀጥታ ይሄዳል?» በሉ። በማዕከል ካለፈ 2 ኪሎ ሜትርም ሆነ 20 ለሰዓቱ ያን ያህል ለውጥ የለውም።

እኔን ይበልጥ የሸወደኝ ግን ክትትሉ ነው። «የቀጥታ ክትትል» ሲሉኝ ካርታ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ጠብቄ ነበር። የላኩልኝን ቁጥር ሳስገባ ያገኘሁት አራት መስመር ጽሑፍ ነው። ይህ ጂፒኤስ አይደለም፣ የስካን መዝገብ ነው። አንድ ሠራተኛ የካርቶኑን ባርኮድ በመሣሪያ ሲያነብ አንድ መስመር ይጨመራል። በሁለት ስካን መካከል እቃው የት እንዳለ እነሱም አያውቁም። የእኔን ላሳያችሁ፦

«መረጃው ደርሶናል» የሚለው 4 ሰዓት ከ11 ላይ ወጣ። እቃው በዚያ ሰዓት ሳሎኔ ውስጥ ነበር። ይህ መስመር ትእዛዙ ተመዘገበ ከማለት ውጪ ምንም አይነግራችሁም፣ ብዙ ሰው ግን እቃው የተነሳ ይመስለዋል። «ማዕከል ገብቷል» 7 ሰዓት ከ5። ከዚያ እስከ ማግስቱ ጠዋት ዝም። በማግስቱ 3 ሰዓት ከ40 ላይ «ለማድረስ ወጥቷል» አለ። ደስ አለኝና ለገዢዋ ደወልኩ፣ ጠብቂ አልኳት። ይህም መስመር ማለት መኪናው ላይ ተጭኗል ማለት ብቻ ነው። መኪናው ላይ አርባ እቃ ሊኖር ይችላል፣ የእናንተ አርባኛው ሊሆን ይችላል። 10 ሰዓት ከ50 ላይ አራተኛው መስመር መጣ፦ «ተቀባይ አልተገኘም»።

ገዢዋ ቀኑን ሙሉ ከወንበሯ አልተነሳችም። ስልኳም አልጮኸም። ሾፌሩ ሰዓቱ አልቆበት ያልደረሰባቸውን እቃዎች «አልተገኘም» ብሎ ዘግቶ መሄዱ የታወቀ ነገር ነው። «አልደረስኩም» ካለ ጥፋቱ የእሱ ይሆናል፣ «አልተገኘም» ካለ የእናንተ። ለድጋሚ ማድረሻ 25 ተጨመረብኝ። 60 ብሎ የጀመረው 141 ሆነ። መብራቱ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ደረሰ።

ይህ ከደረሰባችሁ ጩኸት አያዋጣም። እኔ መጀመሪያ ጮኼ ነበር፣ «ሲስተሙ ነው» ብለው መለሱኝ። በኋላ ግን ሁለት ነገር ጠየቅኳቸው። አንደኛ፣ ሾፌሩ ወደየትኛው ቁጥር ደወለ? ሁለተኛ፣ «አልተገኘም» የሚለው ስካን የተደረገው የት ቦታ ነው? ብዙ የስካን መሣሪያዎች ቦታውንም አብረው ይይዛሉ። ከገዢዋ የዚያን ቀን የጥሪ ዝርዝር ፎቶ ተቀብዬ አያያዝኩ። በማግስቱ 25ቱን መለሱልኝ፣ ስካኑ የት እንደተደረገ ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም። የመጠን ክብደቱን 56 አልመለሱም። እሱ ውላቸው ውስጥ አለ፣ ልክ ናቸው።

ታዲያ ሞተረኛ ጻድቅ ነው ወይ? አይደለም። በኋላ ለሌላ ገዢ የሸጥኩትን ሁለተኛ መብራት በሞተረኛ ላክሁት። በትንሽ ካርቶን፣ ኋላው ላይ ካለው ሳጥን እንዲገባ። ያንኑ ያህል 7 ኪሎ ሜትር በ25 ደቂቃ ሊጨርስ ይችል ነበር፣ 55 ፈጀበት። እዚህ ግን ምክንያቱን በዓይኔ አየሁት። አፑ ካርታ ላይ የሞተረኛው ነጥብ ከእኔ ተነስቶ ወደ ሌላ ሰፈር በቀስታ ሄደ፣ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ገዢዋ ዞረ። ሌላ ትእዛዝ ደርቦ ነው። ነጥቡ አንድ ቦታ ደርቆ ከቆየ በኋላ በአንዴ ርቆ ከዘለለ የስልኩ ኔትወርክ ነው፣ አትጨነቁ። ሳይቋረጥ በተሳሳተ አቅጣጫ ከተጓዘ ግን ደርቧል። አንዳንድ አፕ ላይ ትንሽ ጨምራችሁ ያለመደረብ የሚመረጥበት ቦታ አለ። ለሰዓት የተቀጠረ እቃ ከሆነ እሱን ምረጡ።

የሞተረኛው ዋናው ወጥመድ ሌላ ነው። ልጁ እቃውን ከተቀበለኝ በኋላ «አፑ ኮሚሽን ይቆርጥብኛል፣ ሰርዘውና በእጅ ስጠኝ፣ እቀንስልሃለሁ» አለኝ። ሰው ነው፣ ያሳዝናል፣ እውነቱንም ነው። ግን ትእዛዙ የተሰረዘ ዕለት ካርታው ይጠፋል፣ ስሙና ታርጋው ከትእዛዙ ጋር ያላቸው ግንኙነት ይቋረጣል፣ እቃው ቢጠፋ አፑ «እኛ ያጓጓዝነው ነገር የለም» ይላችኋል። እምቢ አልኩት፣ ሲያደርስ ትንሽ ጉርሻ ጨመርኩለት። ተቀባዩ ጋ የሚላከውን የማረጋገጫ ኮድም እቃው እጅ ሳይገባ በስልክ እንዳትናገሩ። ኮዱ የገባ ቅጽበት እቃው «ደርሷል» ተብሎ ይዘጋል።

ኩሪየር ጨርሶ አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። በአንድ ቀን ወደ አሥራ አምስት አድራሻ የምትልኩ ከሆነና ነገ ቢደርስ ችግር ከሌለው፣ ለእያንዳንዱ ሞተረኛ መጥራት ኪስ ያራቁታል። ለሰነድም ጥሩ ናቸው፣ ሲያስረክቡ ፊርማ ይቀበላሉ። ውድ እቃ ከሆነ ግን በማንኛቸውም ስትልኩ ዋጋውን ማስመዝገብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። ካልተመዘገበ ካሳው ብዙ ጊዜ በኪሎ ወይም በማድረሻ ሂሳቡ ልክ የተገደበ ነው። «ተሰባሪ» የሚል ወረቀት መለጠፍ ካሳውን አይጨምርም።

በነገራችን ላይ፣ የመጀመሪያዋ ገዢ መብራቱ ሲደርስ አምፖሉ ተሰብሮ አገኘችው። ጋዜጣው ለክብደቱ እንጂ ለአምፖሉ አልጠቀመም። አምፖሉን ገዝቼ በሞተረኛ ላክሁላት።